15ቱ ዋት 60ውን ሲረታ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ባለች አንዲት የልምምድ ክፍል የተነሳ ጥያቄ ነው። ሁለት የጊታር አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ትራንዚስተር ነው፤ ጀርባው ላይ 60 ዋት ይላል። ሌላው ድምፁን በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ፣ ባለ ቲዩብ ነው፤ 15 ዋት ብቻ። ድራሙ ሲገባ የ60 ዋቱ ድምፅ ከሲምባሉ ሥር ሰመጠ፤ የ15 ዋቱ ግን ሰንጥቆ ወጣ። ሊድ የሚጫወተው ልጅ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ 15 እንዴት ብሎ ነው 60ን የሚበልጠው? የተጻፈው ቁጥር ነው የሚዋሸው ወይስ ጆሯችን?» አለኝ።

የዚያን ዕለት የተሰጠው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነበር፦ «ቲዩብ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው።» ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ልምምዱም ቀጠለ። እኔን ግን መልሱ አላስተኛኝም። «ሞቅ ያለ» ማለት ምን ማለት ነው? የመስታወቱ ሙቀት በገመድ አልፎ ወደ ስፒከሩ አይሄድም። ደግሞም የተጠየቀው ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ጉልበት ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሁለቱን አምፖች በአንድ ስፒከር ላይ እየቀያየሩ ከመለካት ሌላ መንገድ አልነበረም።

አንድ ሳጥን፣ ሁለት አምፕ

ሰው ሁለት አምፕ ሲያወዳድር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚሰማው የአምፑን ልዩነት ይመስለዋል፤ ግን አንዱ ባለ 10 ኢንች ስፒከር፣ ሌላው ባለ 12 ይሆናል፤ የአንዱ ሳጥን ጀርባው ክፍት፣ የሌላው ዝግ ይሆናል። ስፒከሩና ሳጥኑ ድምፁን የሚለውጡት ከአምፑ ባልተናነሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ከራሳቸው ስፒከር አላቅቀን፣ ጀርባው ክፍት በሆነ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች፣ 8 ኦም ስፒከር ባለው ሳጥን ላይ ብቻ በየተራ ሰካናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ባለ ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት ሲግናል አይሰጠውም። የመውጫው ትራንስፎርመር የሚሸከመው ጭነት ሲያጣ በውስጡ የሚፈጠረው ቮልት ሽፋኑን በስቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ከአምፑ ሁሉ ውዱና በአገር ውስጥ ለማግኘት የሚያስቸግረው ዕቃ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ስፒከር በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ አምፑ ይጠፋል፣ ገመዱ ይዛወራል፣ ከዚያ ይበራል። ትራንዚስተሩ ባዶውን ቢሆን አይጎዳም፤ እሱን የሚገድለው በተቃራኒው የስፒከር ገመድ እርስ በርሱ መነካካት ነው።

የተለካው በቀላል መንገድ ነው። ስልክ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚሰጥ አፕ ተጫነ። ሁለቱም አምፖች ጀርባቸው ላይ «ሪተርን» የሚባል ጃክ ስላላቸው ድምፁ የገባው በዚያ ነው። በፊት ለፊቱ ቢገባ ኖሮ የቤዝና የትሬብል ቁልፎቹ ልኬቱን ያበላሹት ነበር። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ መያዝ ነው። በ400 ኸርዝ፣ ቴስተሩ በሁለቱም አምፖች 1 ቮልት እስኪያሳይ ድረስ ድምፁ ተስተካከለ። 1 ቮልት በ8 ኦም ላይ የዋት ስምንተኛ ብቻ ነው፤ በክፍል ውስጥ እየተነጋገሩ የሚሠራበት ድምፅ።

ቀጥሎ የስልኩ ድምፅ ወደ 82 ኸርዝ ወረደ። የጊታር ወፍራሟ ክር፣ ባዶዋን ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ነው። ሌላ ምንም አልተነካም። ትራንዚስተሩ ላይ ቴስተሩ አሁንም 1 ቮልት አካባቢ አሳየ። ቲዩቡ ላይ 2 ቮልት ደረሰ።

ያ ቁጥር ነው ነገሩን የገለጠው። አምፑን ማንም ጮክ አላደረገውም፤ ቁልፍ የነካ የለም። ግን ቲዩቡ ለወፍራሟ ክር በራሱ ጊዜ እጥፍ ቮልት ሰጣት።

ምክንያቱ ያለው ስፒከሩ ውስጥ ነው። «8 ኦም» የሚባለው ስፒከር 8 ኦም የሚሆነው በመሃለኛው ድምፅ፣ በ400 ኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር በራሱ ክብደትና በራሱ ልስላሴ መወዛወዝ የሚወድበት አንድ ቦታ አለው፤ ለጊታር የተሠሩት ባለ 12 ኢንቾች ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው የሚገኝላቸው። እዚያ ላይ ኦሙ ወደ 40 ሊወጣ ይችላል። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስንሄድም የኮይሉ ሽቦ ከረንቱን ስለሚገታው እንደገና ከፍ እያለ ይሄዳል።

ትራንዚስተር አምፕ ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። በውስጡ ያለው ማስተካከያ፣ የወጣውን ከገባው ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ወዲያው የሚያርመው ሰርኪት፣ ቮልቱን እንዳለ ይይዘዋል። ኦሙ 8 ሆነ 40፣ ቮልቱ ያው ነው። ቮልቱ ሳይለወጥ ኦሙ አምስት እጥፍ ሲያድግ ስፒከሩ የሚያገኘው ዋት ወደ አምስተኛው ይወርዳል። በዚያ ላይ ስፒከሩ ሲወዛወዝ ኮይሉ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ትራንዚስተሩ ያንን ውጦ ልጓም ይስብበታል። ቲዩቡ ግን፣ በተለይ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ያልተገጠመለት ከሆነ፣ የሚይዘው ቮልቱን ሳይሆን ከረንቱን ነው። ኦሙ ሲወጣ ቮልቱም አብሮ ይወጣል፤ ልጓሙም ይላላል። ስፒከሩ በሚወደው ቦታ እንዲጨፍር ይለቀዋል።

ሞቀ፣ ወፈረ፣ ደረት ላይ ይመታል የሚባለው ድምፅ አብዛኛው ይህ ነው። ሁሉም ባለ ቲዩብ አምፕ እኩል ልጓሙን አይለቅም። የብሪታንያው ቮክስ ኤሲ30 ያን ማስተካከያ ጨርሶ አልያዘም፤ ስለዚህ በጣም ልቅ ነው። የፌንደርና የማርሻል አምፖች ብዙዎቹ በመጠኑ ይዘውታል፤ ስለዚህ ጠበቅ ይላሉ። ሆኖም ከነሱ በጣም ጠበቅ የሚለው እንኳ ከትራንዚስተሩ እጅግ ይለቃል።

8 ኦሟ ሬዚስተር

እዚህ ሲደረስ አንድ ነገር መሞከር ግድ ሆነ። ልዩነቱ አምፑ ስፒከሩን የሚይዝበት ጥብቀት ከሆነ፣ ትራንዚስተሩን ማላላት ይቻላል ማለት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ዕቃ ነው፦ ባለ 8 ኦም፣ ባለ 50 ዋት ሬዚስተር፤ ያ በወርቅማ አሉሚኒየም ቤት ውስጥ የሚመጣው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው። ከአምፑ ወደ ስፒከሩ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቆርጦ፣ ሬዚስተሩን መሃል አስገብቶ መበየድ ነው። ከዚህ ሌላ የሚነካ የለም።

ሒሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል። በ400 ኸርዝ ሬዚስተሩ 8፣ ስፒከሩ 8 ስለሆኑ ቮልቱን እኩል ይካፈሉታል፤ ስፒከሩ ግማሹን ያገኛል። በ82 ኸርዝ ስፒከሩ 40 ስለሚሆን፣ ከ48ቱ ኦም 40ው የእሱ ነው፤ ከቮልቱ 83 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ 400 ኸርዙ ላይ እንደገና 1 ቮልት ቢስተካከል፣ 82 ኸርዙ ላይ 1.67 ይሆናል። ቴስተሩም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ቲዩቡ 2 ነበር፤ ባዶው ትራንዚስተር 1 ነበር።

ጊታሩ ተሰካ። የልጁ ፊት ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ወደ ግድግዳው እንዲዞር ተደረገና አምፖቹ እየተቀያየሩ ተጫወተባቸው። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ያለ ምንም ዲስቶርሽን፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተው። ሁለት ጊዜ ትራንዚስተሩን «ቲዩቡ ይሄ ነው» አለ። የቀረው ልዩነት የቤዝና የትሬብል ቁልፎቹ አቀማመጥ ብቻ ነበር፤ እሱም በትንሽ መነካካት ጠፋ።

ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ለዘመናት «ቲዩብ ብቻ የሚሰጠው» ሲባል የኖረው ነገር ግማሹ በአንዲት ሬዚስተር የሚገኝ ሆኖ ተገኘ። ቤት ውስጥ በትንሽ ድምፅ ለሚለማመድ ሰው፣ ጎረቤት እንዳይነሳ ቮልዩሙን ከ2 በላይ ለማያልፍ ሰው፣ ቲዩብ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገውም። እሱ ቲዩብ ውስጥ የሚሰማው ይሄንኑ ነውና።

ግን የልጁ ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር። እሱ የጠየቀው በትንሽ ድምፅ ስላለው ሳይሆን ድራሙ ሲገባ ስለሆነው ነው። ድራሙ ሲገባም ሬዚስተር የተጨመረበት 60 ዋት ጭራሽ ባሰበት፤ ፊት ከሰመጠው በላይ ሰመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። አምፑ 8 የነበረው ጭነት 16 ሲሆንበት 60ው ዋት ወደ 30 ይወርዳል፤ ከ30ውም ግማሹ ሬዚስተሩ ላይ በሙቀት ይቀራል። ስፒከሩ የሚደርሰው 15 ዋት ብቻ ነው። አሁን ሁለቱም 15 ዋት ናቸው፤ ሁለቱም ስፒከሩን ለቀቅ አድርገው ይይዛሉ። ታዲያ ቲዩቡ ለምን አሁንም ይበልጣል?

ጫፍ ላይ ሲደረስ

የጊታር ክር ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ምቱ አለ፤ ፒኩ ክሩን የለቀቀባት ቅጽበት፣ አጭርና ረጅም ጫፍ ያላት። ቀጥሎ ጅራቱ ይመጣል፤ ዜማ ብለን የምንሰማው፣ ቀስ እያለ የሚጠፋው። ምቱ ከጅራቱ በኃይል 10 እጥፍ ቢሆን ብዙም የተጋነነ አይደለም። እንግዲህ ሒሳቡ ከዚህ ይጀምራል።

የ60 ዋቱ ትራንዚስተር በውስጡ 35 ቮልት ወደ ላይ፣ 35 ቮልት ወደ ታች አለው እንበል። ሲግናሉ ወደ 31 ቮልት ገደማ እስኪደርስ ድረስ ቅርጹ ንቅንቅ አይልም፤ ያ የማስተካከያ ሰርኪት እንደ መስመር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ግን ቮልት የለም። ሰርኪቱ ለማረም የበለጠ ይገፋል፣ የሚገፋበት ግን አጥቷል። ስለዚህ ሞገዱ በመጋዝ እንደተቆረጠ ጠርዙ ሹል ሆኖ ይቀራል። ሹል ጠርዝ ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ድምፅ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ እጥፍ የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች ማለት ነው፤ ከተመታው ዜማ ጋር የማይስማሙ፣ ጆሮ የሚወጉ። ተጫዋቹ ይህን ሲሰማ ሳያስበው ቮልዩሙን ይቀንሳል። ምቱ 60 ዋቱን እንዳያልፍ ከጠበቀ ጅራቱ የሚያገኘው የ60 አሥረኛ፣ 6 ዋት ነው።

ቲዩቡ ጋ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ትንንሽ የመውጫ ቲዩቦች፣ ኢኤል84 የሚባሉት፣ ወደ ጫፋቸው ሲጠጉ ማጉላታቸውን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ጫፉ ከመቆረጡ በፊት ይከብባል። ጠርዙ ስላልሾለ የሚጨመሩት ድምፆችም ቅርብ ቅርቦቹ ናቸው፤ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ዜማውን የሚያወፍሩ። ተጫዋቹ አምፑ ጫፍ ላይ መድረሱን እንኳ አያውቅም፤ ዜማው የሞላለት ነው የሚመስለው። ስለዚህ መግፋቱን ይቀጥላል። 15 ዋቱን አምፕ 60 ዋት ያህል እስኪጠይቀው ድረስ ቢገፋው፣ ምቱ ከብቦ ይቀርና ጅራቱ የ60 አሥረኛ ያገኛል። 6 ዋት።

15ቱ ከ60ው ጋር እኩል የሆነው እዚህ ነው። በጆሮ የምንለካው ጅራቱን ነው፤ ጅራቱ ደግሞ በሁለቱም አምፖች 6 ዋት ነው። የተጻፈው ቁጥር አልዋሸም፣ ጆሮም አልዋሸም። ቁጥሩ የሚናገረው ንጹሕ ሆኖ እስከ የት እንደሚደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይናገርም፤ ሮክ ደግሞ የሚጫወተው ከዚያ በኋላ ነው። ስፒከሩን በሚለቅበት ላልነት ሲደመርበት ቲዩቡ አልፎ ይሄዳል። ሬዚስተር የተጨመረበት ትራንዚስተር ግን ንጹሕ ጣሪያው 15 ስለሆነ ጅራቱ የሚያገኘው 1.5 ዋት ብቻ ነው። የሰመጠበት ምክንያት ይኸው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቀጥታ ከረንት የሚያዘጋጅለትም ቲዩብ የሆነ አምፕ ላይ፣ ኮርድ በኃይል ሲመታ የውስጥ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፤ ለምሳሌ ከ340 ወደ 300። ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ምቱ ተጨቁኖ ጅራቱ ሲያብብ ይሰማል። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፣ የኃይሉ አምስተኛ ገደማ፤ ግን ጣት ያውቀዋል። ጊታሪስቶች «ይመልስልኛል» የሚሉት ይህን ነው። ክሩን ቀስ ብለው ሲነኩት ይጠራል፤ ሲጭኑት ይሻክራል፤ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 6 ሲያወርዱት እንደገና ይጠራል። አንድ ፔዳል ሳይረገጥ። ትራንዚስተሩ ላይ ንጹሕና የተቆረጠ ብቻ ነው ያለው፤ መሃሉ ጠባብ ነው። ለኔ ቲዩብ የሚወደድበት እውነተኛው ምክንያት ይህ መሃል ነው። በሬዚስተር ያላገኘነው እሱን ነው።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አንድ አባባል ይታረም። «ቲዩብ እጥፍ እጥፉን ድምፅ፣ ማለትም ሁለት፣ አራት እጥፍ ይጨምራል፤ ትራንዚስተር ጎደሎውን» ይባላል። በአምፑ መግቢያ በኩል ላሉት ትንንሽ ቲዩቦች፣ ለ12ኤኤክስ7ቱ፣ ልክ ነው። ሁለት የመውጫ ቲዩቦች እየተገፋፉ በሚሠሩበት አምፕ ላይ ግን ሁለት እጥፉና አራት እጥፉ እርስ በርስ ይጠፋፋል፤ የሚቀረው በአብዛኛው ጎደሎው ነው። ማርሻሉም፣ ቮክሱም፣ ትልልቆቹ ፌንደሮችም እንዲህ ናቸው። ለጆሮ የሚመቸው ቁጥሩ ሙሉ ወይም ጎደሎ ስለሆነ ሳይሆን ቀስ እያለ ስለሚመጣና ከፍ ያሉት ድምፆች ስለሚያንሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህም ሲባል ለሁሉም ጊታሪስት አይደለም። ሻካራውን ሁሉ በፔዳል ሠርቶ አምፑን ንጹሕ የሚፈልግ፣ ወይም እንደ ሜታል ተጫዋቾች ቆፍጣና ቤዝ የሚሻ ሰው፣ ልቅ ስፒከር ያስቸግረዋል። ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ትራንዚስተር ነው፤ ለጠራ ድምፅ ዛሬም ይፈለጋል። ደግሞም አሁን ብዙ ትራንዚስተር አምፖች የስፒከሩን ከረንት በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር እያነበቡ ላልነቱን ይፈጥራሉ፤ ዋቱም እንደኛ አይባክንባቸውም። ያንተ አምፕ እንዲህ መሆኑን በ82 እና በ400 ኸርዙ ፈተና ወዲያው ማወቅ ይቻላል፦ 82ቱ ላይ ቮልቱ ከፍ ካለ፣ ሬዚስተር አትጨምርበት፤ አለው።

መብራቱ 190 ሲሆን

ጅማ ላይ ቲዩብ የያዘ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ መብራቱ። ግልገል ጊቤ ቅርባችን ቢሆንም ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት ሶኬቱ ላይ ቴስተር ብታደርግ 220 አታገኝም። አንዳንድ ምሽት 190 ነው። ትራንዚስተሩ ለዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ሌላ አይሆንም። ቲዩቡ ግን ሁለት ነገር ይጎድልበታል።

ከአውሮፓ የመጣ፣ ለ230 ቮልት የተሠራ አምፕ እንውሰድ። የቲዩቦቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ከዚያ በ10 በመቶ ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። ሶኬቱ 190 ሲሆን ማሞቂያው የሚያገኘው 6.3ን በ190 አባዝቶ ለ230 ማካፈል ነው፤ 5.2 ቮልት። 17 በመቶ ጎደለ። ከፍተኛው ቮልትም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ኃይል በቮልቱ ካሬ ስለሚሄድ 15ቱ ዋት ወደ 10 ገደማ ይሆናል። ምልክቱ ድምፁ ድክም፣ ድፍን ማለቱ ነው፤ ቶሎ ይሻክራል፣ ግን አይሞላም። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «ቲዩቡ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ያስመጣል። ቲዩብ ከመግዛትህ በፊት ሶኬቱን ለካ። የአምፑን ውስጥ ከፍቶ መለካት አያስፈልግም፤ ከላይ ያለው ማካፈል ይበቃል። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ።

መፍትሔው ስታቢላይዘር ነው። ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕ ከመብራቱ የሚስበው 100 ዋት ገደማ ስለሆነ ባለ 500 ቪኤው ለብቻው ይበቃዋል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት አምፕ ከሆነ ግን ስታቢላይዘር ብቻ አያድነውም፤ ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከኋላው ይገባል፤ ለዚህ መጠን ባለ 300 ቪኤ ይበቃል። የአገራቸው መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር እኛ ጋ የበለጠ ይሞቃልና፣ ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እረፍት ያሻዋል።

መብራት ሲሄድ የሚደረገው ደግሞ ቀላል ነው፣ ግን ይረሳል። የአምፑ ማብሪያ ወዲያው ይጥፋ። መብራቱ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ቮልቱ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ አምፑ በርቶ ከጠበቀው ያንን ሁሉ ይቀበላል። ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ ስታቢላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ሲያቆም ማብራት ነው።

ቲዩቡ በእርግጥ ሲበላሽም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይናገራል። ሳይነካ የሚያፏጭ ወይም ደወል የሚመስል ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አምፑ በርቶ እያለ ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ በስፒከሩ ጎልቶ የሚጮኸው እሱ ነው የሚቀየረው። የመውጫው ቲዩብ ማሞቂያው ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ቢበራ ጤናው ነው። ውጭ ያለው ግራጫው ብረት ራሱ ቀይ ሆኖ ከጋመ ግን ቶሎ ይጥፋ፤ ያ ቲዩብ ከሚችለው በላይ ከረንት እየሳበ ነው፤ ከቆየ ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል።

ልጁ በመጨረሻ ሁለቱንም ለራሱ አስቀረ። ትራንዚስተሩ ከነሬዚስተሩ ቤት ገባ፤ ሬዚስተሩ ሲሞቅ ፕላስቲኩን እንዳያቀልጥ ሳጥኑ ጀርባ ላይ በተቸነከረ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ታሰረ። ቲዩቡ ከስታቢላይዘሩ ጋር ሄርማታ ቀረ፤ ድራም ያለበት እዚያ ነውና። ቤት ያለው ሳጥን ጃክ አጠገብ በወፍራም ማርከር «ለትራንዚስተር ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቲዩቡ አንድ ቀን በስህተት እዚያ ቢሰካ 8 ኦም የጠበቀው ትራንስፎርመር 16 ያገኛል፣ ከዋቱም ግማሹ ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል።